ሚኒሶታ የነበረችው እህት በነቀምቴው የሠርግ ፎቶ

ፎቶው 60 በ40 ሴንቲሜትር ካንቫስ ላይ ታትሞ በነቀምቴ ከተማ በአንድ ቤተሰብ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙሽራውና ሙሽሪት ከፊት መሃሉን ይዘዋል፤ ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ከኋላ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ቆመዋል። በሁለተኛው ረድፍ፣ በሙሽራው እናትና በአንድ ረጅም አጎት መካከል፣ ነጭ የአገር ልብስ ለብሳ ነጠላ የደረበች ሴት አለች። የሙሽራው ታላቅ እህት ናት። እናትየው ቀኝ እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አድርገዋል። የዚያን ቀን እህትየዋ የነበረችው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው።

እንግዳ ቀርቶ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ፎቶው ፊት ቆሞ የተጨመረችውን ለይ ቢባል ቶሎ አያገኛትም። እኔ ያየሁት አስቀድሞ ተነግሮኝ ነው። በኋላም ሥራውን የሠራው ኤዲተር ፋይሉን ከፍቶ ሌየሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋና እያበራ አሳየኝ። ያስገረመኝ የእህትየዋ ምስል ጥራት አይደለም፤ ጎረቤቶቿ ናቸው። የአጎቷ ጥላ እሷ ላይ አርፏል፤ የእሷ ጥላ እናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ የእናቷ ጣቶች ነጠላዋን ጫን አድርገውታል። ብዙዎቻችን ፎቶ ላይ ሰው መጨመር ሲባል ቆርጦ መለጠፍ ይመስለናል። ጥሩ ባለሙያ ግን ከሚጨመረው ሰው ይልቅ ግራና ቀኙ በቆሙት ላይ ነው የሚደክመው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ሠርግ ሲደገስ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የማይጎድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሚኒሶታ ብዙ የወለጋ ልጆች የሚኖሩባት ግዛት ናት፤ ዓረብ አገር ያሉት ከአሠሪ ፈቃድ አያገኙም፤ አዲስ አበባ ያሉትም 330 ኪሎ ሜትሩን መንገድ የሚጀምሩት የጸጥታውን ወሬ ጠይቀው ነው። ስለዚህ «የቀረውን ሰው አስገባልን» የሚለው ትእዛዝ ለፎቶ ቤቶች አዲስ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ከአንድ የደበዘዘ ሰልፊ ጋር ነው። ይህኛው ሥራ የተለየው ትእዛዙ ከሠርጉ በፊት በመምጣቱ ነው።

ቦታ ያዥዋ

ፎቶ አንሺው የቡድኑን ፎቶ ያነሳው በጥር ወር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀይ አፈሩ በተረገጠ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አቆመ፤ ከፍታው ሜትር ተኩል ያህል፣ ከቡድኑ ያለው ርቀት 6 ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ቁመቷ ከቀረችው እህት ጋር የሚቀራረብ አንዲት የአክስት ልጅ ጠርቶ ነጠላ አስደርቦ በአጎትየውና በእናትየው መካከል አቆማት። እናትየው እጃቸውን ክንዷ ላይ እንዲያደርጉ ጠየቃቸውና አነሳ። ወዲያው «አንቺ ውጪ፣ ሌላው እንዳይነቃነቅ» ብሎ ቦታው ባዶ እንደሆነ ደገመ።

እነዚህ ሁለት ፎቶዎች የሥራውን ግማሽ ጨርሰውታል። የመጀመሪያው በዚያ ቦታ ሰው ሲቆም ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ራሱ የት ድረስ እንደሚደርስ በእውነት የተመዘገበበት ነው። ኤዲተሩ ጥላ መፍጠር የለበትም፤ ያለውን መጠበቅና መከተል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለተኛው ደግሞ ከኋላ ያለውን ባሕር ዛፍና አጥር ያሳያል። የቦታ ያዥዋ ጸጉር ከእህትየዋ ጸጉር ሰፋ ብሎ ጎን ለጎን ብቅ ቢል፣ በዚያ ጠርዝ የሚሞላው ከዚህ ፎቶ የተወሰደ እውነተኛ ዛፍ ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ከአንድ ትራይፖድ የተነሱ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ቅጠል ለቅጠል ይገጥማል።

ቦታ ያዥዋ ነጠላ እንድትደርብ መደረጉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነጭ ጨርቅ በአጠገቡ ያለ ሰው ፊት ላይ ብርሃን ይመልሳል። ልጅቷ ጥቁር ጃኬት ለብሳ ቢሆን ኖሮ የእናትየው ጉንጭ በዚያ በኩል ይጨልም ነበር፤ በኋላ ነጭ የለበሰች ሴት ስትተካ ጨለማው ምክንያት ያጣል።

እህትየዋ የቆመችበትንም ቦታ ልብ በሉ። ለኤዲተር ቀላሉ መንገድ ሰውን ከዳር ማቆም ነው፤ ከዳር የቆመ ሰው ማንንም አይነካም፣ ማንም አይነካውም። ነገር ግን ታላቅ እህት ከሩቅ ዘመዶች ጎን ከዳር ብትቆም ፎቶውን የሚያይ ሽማግሌ ሁሉ «ይህችስ ምን ሆና ነው?» ይላል። የሚገባት ቦታ ከእናቷ ጎን ነው፤ ለኤዲተሩም በጣም የሚከብደው ያ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ የተነሳው ፎቶ

ኤዲተሩ ለእህትየዋ የድምፅ መልእክት የላከው ሠርጉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነበር። አስቀምጦታልና አሰማኝ። «እባክዎ ቤት ውስጥ አይነሱ፣ ደጅ ይውጡ። እኩለ ቀን ላይ ይሁን። ፀሐይዋ በቀኝ ጉንጭዎ በኩል ትምጣ። ልጅዎ ስልኩን ደረቱ አጠገብ ይያዘው፣ 6 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከዚያ ባለ 3 እጥፉን ሌንስ ይጠቀም፤ ወደ እርስዎ አይጠጋ።» ቀጥሎ የተናገረው ነገር ግን ሳልጠብቀው የመጣ ነው፤ «በረዶ ካለ ደግሞ ቡናማ ብርድ ልብስ እግርዎ ፊት ያንጥፉ።»

እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። ነቀምቴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በጥር አጋማሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከአድማስ 28 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የሰው ጥላ የቁመቱን እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒያፖሊስ ደግሞ 45 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዚያው ሰሞን ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከ26 ወይም ከ27 ዲግሪ አትበልጥም። እዚህ ከሰዓት በኋላ ያዘቀዘቀችው ፀሐይና እዚያ አናት ላይ መሆን የነበረባት ፀሐይ በአንድ ከፍታ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። በአፍንጫ ሥር የሚወድቀው ጥላ ርዝመት በሁለቱም ፎቶ ተመሳሳይ ይሆናል። ይህ በኮምፒውተር የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ ፊት ላይ ያለ ጥላ አንዴ ከተሳሳተ ፊቱን እንደ አዲስ መሳል ነው የሚቀረው።

የፀሐይዋ አቅጣጫም እንዲሁ ነው። የነቀምቴው ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከተመልካቹ ግራ ይመጣል፤ ስለዚህ የቆሙት ሰዎች ቀኝ ጉንጭ ነው የበራው። አንዳንዱ ኤዲተር ብርሃኑ በተቃራኒው የመጣ ፎቶ ሲደርሰው ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጦ ይገላገላል። ቤተሰቡ ግን ያውቃል። በግራ የነበረው የጸጉር ክፍያ በቀኝ ይሆናል፤ ቀለበቱ ወደ ሌላ እጅ ይዛወራል፤ ነጠላውም አለባበሱ ይለወጣል። የራስን ሰው ፊት ተገልብጦ ማየት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይረብሻል።

ብርድ ልብሱስ? በረዶ መሬቱን ሁሉ እንደ ነጭ አንሶላ ይሸፍነዋል፤ ብርሃንንም ከታች ወደ ላይ ይመልሳል። አገጭ ሥርና ዓይን ሥር መኖር የነበረበት ጥላ ይጠፋል፤ የቀረውም ሰማያዊ ይሆናል። የነቀምቴው መሬት ግን ቀይ ነው፤ ከታች የሚመልሰው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ያም ወደ ቀይ ያደላል። ቡናማ ብርድ ልብስ የበረዶውን ብርሃን ገደለው፤ ለቀይ አፈሩም የቀረበ ነገር ሰጠ። እህትየዋ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ካፖርቷን ደርባ ቆማ ስልኩ ሲዘጋጅ ብቻ እንዳወለቀችው ነግራዋለች። ከብርዱ የመጣ የአፍንጫ ጫፍ መቅላት ነበረ፤ እሱን በኋላ አደብዝዞታል።

ፎቶው የመጣው በቴሌግራም ነው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ቴሌግራም ምስልን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም፤ ጭመቃው ደግሞ ጸጉርና ነጠላ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮችን ይተዋል። ፋይል ተብሎ ሲላክ ግን እንደተነሳ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ የማይታሰብ ነበር።

ነጠላውን መቁረጥ

ከእህትየዋ ምስል ውስጥ ለመቁረጥ ሦስት የተለያዩ ጠርዞች አሉ፤ ኤዲተሩም ለሦስቱም አንድ መሣሪያ አልተጠቀመም። ትከሻና ክንድ ጥርት ያለ ጠርዝ አላቸው፤ እነሱን በፔን ቱል ነጥብ በነጥብ ዞራቸው፤ መስመሩንም ከጠርዙ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ አስገባው። ውጭ ቢቀር የሚኒሶታው ግድግዳ እንደ ቀጭን ክር አብሯት ይመጣ ነበር። ጸጉሩን በ Select and Mask ውስጥ በ Refine Edge Brush አወጣው። ጥቂት የተበተኑ ጸጉሮችን ግን ሆን ብሎ ጣላቸውና በኋላ በቀጭን ብሩሽ ከነቀምቴው ዛፍ ፊት ራሱ ሳላቸው። ከሌላ አገር ሰማይ ጋር የመጣ ጸጉር ጫፉ ላይ የዚያን ሰማይ ቀለም ይዞ ስለሚመጣ፣ ሁሉንም ለማዳን መታገል ከትርፉ ጥፋቱ ይበልጣል።

ሦስተኛው የነጠላው ጠርዝ ነው። ልሙጥ ሥራና የእጅ ጥበብ የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጠላ ስስ ነው፤ እጥፍ በሆነበት ነጭ ነው፤ በአንድ ንብርብር በሆነበት ግን ከኋላው ያለው ነገር ያሳያል። ማስክ ላይ ነጭ ማለት ሙሉ በሙሉ ይታይ፣ ጥቁር ማለት ይሰወር ማለት ነው። ነጠላን በነጭና በጥቁር ብቻ የቆረጠ ሰው ካርቶን ያስመስለዋል። ይህ ኤዲተር ከትከሻዋ ወርዶ በተንጠለጠለው በስሱ ክፍል ላይ ማስኩን በግራጫ ቀባው፤ አንዱ ንብርብር ባለበት 70 በመቶ ያህል፣ ዳር ላይ ጥለቱ ጋ ሲደርስ እንደገና ሙሉ ነጭ። ካንቫሱ ላይ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ በነጠላዋ ጫፍ ውስጥ የአጎትየው ግራጫ ኮት በጭላንጭል ይታያል። ሚኒሶታ ውስጥ የለበሰችው ነጠላ ነቀምቴ ያለን ኮት እያሳየ ነው።

ቀጥሎ መጠኑ። የነቀምቴው ፎቶ ወርዱ 6 ሺህ ፒክስል ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ላይ 6 ሜትር ያህል ስለሚይዝ አንድ ፒክስል አንድ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ረድፍ ትንሽ ያንሳል። የእህትየዋ ፎቶ በተመሳሳይ ርቀት ቢነሳም ሌንሱ አጉልቶ ስለያዛት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከአንድ ፒክስል በላይ አለው። ኤዲተሩ ሌየሩን በ Convert to Smart Object ከቀየረ በኋላ በ Ctrl+T ወደ 64 በመቶ አወረደው። እንዲህ ያደረገው መጠኑን ደጋግሞ ቢለዋውጥ እንኳ ዋናው ምስል እንዳይበላሽ ነው።

ቁጥሩን ግን አላመነውም። ያመነው የዓይን መስመሩን ነው። ሜዳ ላይ ካሜራው በሜትር ተኩል ከፍታ ከቆመ፣ አድማሱ በፎቶው ውስጥ ባሉ ሰዎች ሁሉ ላይ ከመሬት ሜትር ተኩል በሆነው ቦታ ያልፋል፤ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም በዚያው ይቆረጣል። የእህትየዋ ቁመት 1 ሜትር ከ65 ስለሆነ መስመሩ አፏ አካባቢ ማለፍ አለበት። በዚያ መስመር ላይ አፏን ሲያሳርፍ ራሷ ከቦታ ያዥዋ ራስ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ የአክስት ልጅ በእውነትም ትንሽ ትረዝማታለች። ልጅየው ስልኩን ደረቱ አጠገብ እንዲይዝ የተባለው ለዚሁ ነው። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰው በመጠን ቢስተካከል እንኳ ግንባሩ ሰፍቶ አገጩ ቀጥኖ ይቀራል።

ነጩን ከነጩ ጋር

ቀለም ላይ ብዙ ሰው በዓይኑ ይሄዳል። ይህ ሰው የ Info ሰሌዳውን ከፍቶ ነጭ ከነጭ ጋር ነው ያነጻጸረው። በእናትየው ነጠላ ላይ ፀሐይ በቀጥታ የመታው ቦታ ቀዩ 243፣ አረንጓዴው 235፣ ሰማያዊው 220 ይላል። በእህትየዋ ነጠላ ላይ ተመሳሳይ ቦታ 238፣ 240፣ 247 ነው። ሁለቱም ለዓይን ነጭ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ ቅቤ አንዱ በረዶ ይመስላል። በ Curves ለእሷ ሌየር ብቻ እንዲሠራ አጣብቆ ሰማያዊውን ከላይኛው ጫፍ ዝቅ፣ ቀዩን በትንሹ ከፍ አደረገና ቁጥሮቹን አቀራረበ። ነጩ ሲስተካከል የፊቷ ቀለምም አብዛኛው በራሱ ተስተካከለ። የቤተሰቡን መልክ በስክሪን ላይ መገመት አያስፈልግም፤ የሁሉም ነጭ ልብስ በአንድ ፀሐይ ሥር አንድ ነው።

ጥላው ግን በሌላ ቁጥር ነው የሚሄደው። በእናትየው ልብስ ላይ ጥላ ያረፈበት የላይኛው ክፍል ከሰማዩ የተነሳ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ወደ ታች ሲወረድ፣ በተለይ በእጥፋቶቹ ሥር፣ ከመሬቱ የተነሳ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ኤዲተሩ ይህን ለእህትየዋ ለብቻ ጨመረው፤ አዲስ ሌየር፣ ከግቢው አፈር ላይ የተቀዳ ቀለም፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጉልበቱ ከ10 በመቶ በታች፤ አገጯ ሥር፣ በክንዷ የታችኛው ጠርዝና በነጠላዋ እጥፋት ውስጥ። ሲያጠፋው ምንም የጎደለ አይመስልም። ሲያበራው ግን እህትየዋ ቀይ አፈር ላይ ቆመች።

ጎረቤቶቿ

አሁን ወደ ሦስቱ መነካካቶች እንምጣ። ሚኒሶታ ውስጥ እህትየዋ ብቻዋን ስለቆመች ቀኝ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። በነቀምቴው ፎቶ ግን በዚያ በኩል ረጅሙ አጎት ቆመዋል፤ ፀሐይዋም በእሳቸው በኩል ነው የምትመጣው። ስለዚህ ጥላቸው እሷ ላይ መውደቅ አለበት። የት ድረስ? መልሱ ቦታ ያዥዋ ላይ አለ። ኤዲተሩ የእህትየዋን ሌየር ግማሽ በግማሽ አሳላፊ አድርጎ ከሥር ያለችው ልጅ ላይ ጥላው የሚያልቅበትን መስመር ተከተለ፤ በ Multiply በተደረገ ሌየር ላይ ያንኑ መስመር ቀባ። የጥላው ጠርዝ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። አጎትየው ቅርብ በሆኑበት በክንዷ ላይ ጥርት ይላል፤ ደረቷ ጋ ሲደርስ ይለሰልሳል። ይህን ልዩነት የዘነጋ ጥላ የተቀባ ጭቃ ይመስላል።

የእሷ ጥላ ደግሞ በእናትየው ግማሽ ደረትና ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ከቦታ ያዥዋ የቀረ እውነተኛ ጥላ ስለሆነ አልተነካም ማለት ይቻላል። የእህትየዋ ራስ ዝቅ ስላለ ብቻ የጥላውን የላይኛውን ጫፍ፣ የእናትየው አንገት ላይ የደረሰውን፣ ከባዶው ፎቶ ወስዶ አሳጠረው። የራሷ ቁመት ሁለት ጣት ሲቀንስ ጥላዋም አብሮ እንዲቀንስ ያሰበ ሰው ይህ ነው።

በመጨረሻ የእናትየው ጣቶች። እጃቸው በእውነት ያረፈው በቦታ ያዥዋ ክንድ ላይ ነው። እህትየዋ ከላይ ስትደረብ እጁ ከሥር ይሰወራል፤ ስለዚህ አራቱን ጣቶች በፔን ቱል ለብቻ ቆርጦ ከሁሉም በላይ አወጣቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጣቶቹ ነጠላው ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ሁለት ነገር ጨመረ። በእያንዳንዱ ጣት ሥር፣ ከቀኝ በኩል፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር ጥላ። ከዚያ በ Liquify የነጠላውን እጥፋት ጣቶቹ ባረፉበት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገፋው። ታትሞ ሲለካ ግፊቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን እናትየው ልጃቸውን የያዙት በዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ነው።

ሥራው አለቀ ሲባል አንድ ችግር ቀረ፤ እህትየዋ ከሌሎቹ ይልቅ ጥርት ብላ ትታይ ነበር። ትልቅ ምስል ሲያንስ ጥራቱ ስለሚጨምር፣ የተጨመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው በመጥፎነቱ ሳይሆን በጥሩነቱ ነው። 100 በመቶ አጉልቶ የእሷን ሽፋሽፍት ከእናቷ ሽፋሽፍት ጋር አስተያየና ከአንድ ፒክስል ያነሰ ብዥታ ሰጣት፤ በ Add Noise ደግሞ የነቀምቴው ካሜራ በጥላ ቦታዎች ላይ የሚያሳየውን ደቃቅ ሽርፍራፊ ጨመረላት። ፈተናዎቹም ቀላል ነበሩ። ምስሉን በሙሉ ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ ቀለም ሲጠፋ የብርሃን ስሕተት ይጋለጣል። ገልብጦ አየው፤ ያልለመደ ዓይን ያልለመደውን ያያል። በመጨረሻም የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሶ ከሩቅ ተመለከተው፤ ቀድሞ ዓይን የሚስበው ሙሽራውና ሙሽሪት ከሆኑ ልክ ነው፤ የተጨመረችው ከሆነች ግን ሥራው አላለቀም።

ይህ ሁሉ በማንኛውም ፎቶ አይሆንም። ሰልፊ በተለይ አይሆንም። በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ስለሚቀርብ ሩብ ያህል ተልቆ ይታያል፤ በ6 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። ስለዚህ የሰልፊ ፊት በየትኛውም መጠን ቢሆን በቡድን ፎቶ ውስጥ ወደ ፊት የተገፋ ይመስላል። በፍላሽ የተነሳ የመታወቂያ ፎቶም ጥላ የለውም፤ ጥላ የሌለውን ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ፀሐይ ሥር ማቆም አይቻልም። ጥሩ ኤዲተር እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣለት ገንዘቡን ትቶ «ሌላ አምጡ» ይላል። ሌላ ከሌለ፣ በተለይ የሚጨመረው ሰው በሕይወት ከሌለ፣ ከቡድኑ ጋር ከማደባለቅ ይልቅ ፎቶውን ክፈፍ ውስጥ አድርጎ ቤተሰቡ እጅ ላይ እንዲያዝ ማድረጉ ያምራል፤ እውነቱንም አይነካም።

የተለያዩ ፎቶዎችን አንድ ማድረግ የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1858 አምስት ኔጋቲቮችን አዋሕዶ አንድ የቤተሰብ ትዕይንት አሳትሟል። በአገራችንም ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተቀነባበሩ ፎቶዎች ተሠራጭተውባቸዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። እጁ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ተመልካቹ የሚነገረው ነገር ነው። በነቀምቴው ካንቫስ ጀርባ ላይ ኤዲተሩ እህትየዋ በኋላ እንደተጨመረች በእስክሪብቶ ጽፏል፤ ያልተነካውንም ፎቶ ለቤተሰቡ በፍላሽ ሰጥቷል። ምክንያቱን ሲነግረኝ አልተፈላሰፈም፤ የሠርግ ፎቶ ለቪዛ ማስረጃ ሆኖ ኤምባሲ ስለሚገባ፣ የተሠራበት ፎቶ ሳይታወቅ ፋይል ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ለቤተሰቡ ነው አለኝ።

ስለዚህ በመጪው ጥር ሠርግ ደግሳችሁ የሚቀርባችሁ ሰው እንዳለ አሁኑኑ የምታውቁ ከሆነ፣ ለፎቶ አንሺው ከሠርጉ በፊት ንገሩት። በሚገባው ቦታ ቁመቱ የሚመጥን ሰው አቁሙ፤ ሰዓቱን መዝግቡ፤ የቀረውም ሰው ከሩቅ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ ከዚያው ጉንጭ እየመጣችለት ይነሳ። ከዚያ በኋላ ያለው የኤዲተሩ ፈንታ ነው።